የስንብት ደብዳቤ፤ ልማድ የሚለውና ሕግ የሚለው

በአዊ ዞን፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ርእሰ ከተማ በግምጃ ቤት፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ከተማ ሁሉ፣ በከባድ ጥፋት ከሥራ የተሰናበተ ሰው ደብዳቤውን የሚቀበለው እንደ መርዶ ነው፤ አሠሪውም ቢሆን ጉዳዩ በስብሰባ ከተሰማ በኋላ የሚጻፈውን ወረቀት ለወጉ ያህል የሚወጣ አድርጎ ስለሚቈጥረው፣ «በፈጸሙት ከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር አስፍሮ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ሁለቱም ነገሩ እንዳበቃለት ያስባሉ። በሕግ ዐይን ግን ያ ደብዳቤ የክርክሩ መጀመሪያ ነው፤ ሠራተኛው ፍርድ ቤት የቀረበ እንደ ሆነ ዳኛው አስቀድሞ የሚያነበው እርሱን ነውና።

ከሁሉ በፊት የሚታረመው ስሑት አሳብ «ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ሕግ ይሰናበታል» የሚለው ነው። መምህሩና የጤና ጣቢያው ባለሙያ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆኑ የሚዳኙት በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ በዚያ ሥርዓት ክሱ በጽሑፍ ይደርሳል፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ መርምሮ የውሳኔ አሳብ ያቀርባል፣ ይግባኙም የሚታየው በአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚዳኘው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የምናተኵረውም በዚህ ላይ ነው። ብዙዎች «ሠራተኛው ቃሉን ሳይሰጥ የተደረገ ስንብት ሁሉ ከንቱ ነው» ይላሉ፤ ዳሩ ግን ይህ አዋጅ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚደረግ ስንብት በደነገገበት በአንቀጽ 27 እንዲህ ያለ ስብሰባ አላዘዘም። ግዴታው የሚመነጨው ከኅብረት ስምምነቱ ወይም ከድርጅቱ የሥራ ደንብ ነውና፣ «ኮሚቴ አልሰማኝም» የሚል ሰው በቅድሚያ እነዚህን ሰነዶች ገልጦ ማየት ይገባዋል።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ የግል የዱቄት ፋብሪካና አንድ የመጋዘን ኃላፊ በአሳባችን እናቁም። በቢን ካርዱ 312 ኩንታል ዱቄት ተመዝግቦ ሳለ በቆጠራ የተገኘው 298 ብቻ ነው፤ የቆጠራው ሪፖርትም ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሥራ አስኪያጁ ደረሰ። አሁን ሥራ አስኪያጁ «14 ኩንታል ጎድሏል፤ ስለዚህ ሰርቋል» ቢል በልማድ ዘንድ ማንም አይፈርድበትም። በሕጉ ግን ጉድለትና ስርቆት አንድ አይደሉም። ያላግባብ ለመበልጸግ አስቦ የአሠሪን ንብረት መውሰድ ራሱን የቻለ የስንብት ምክንያት ነው፤ አስቦ ወይም በከባድ ቸልተኝነት በንብረት ላይ ጉዳት ማድረስም ሌላ ምክንያት ነው። ቈጠራው የሚያስረዳው ዱቄቱ በመጋዘኑ አለመኖሩን እንጂ የሰውዬውን ልብ አይደለም። እንግዲህ የደብዳቤው ግኝት ከተመረጠው ምክንያት ጋራ ሊገጥም ይገባዋል፤ ለምሳሌ እንዲህ ቢጻፍ፦

«ጥቅምት 28 ቀን በተደረገው ስብሰባ የጎደለው 14 ኩንታል በዝናብ ተበላሽቶ እንደ ተወገደ የገለጹ ቢሆንም፣ የብልሽት ሰነድ ማቅረብ አልቻሉም። ሁለት ጫኞች ጥቅምት 4 ቀን ማታ በእርስዎ ትእዛዝ ዱቄቱ ያለ መውጫ ደረሰኝ በፈረስ ጋሪ መጫኑን መስክረዋል። በመሆኑም የድርጅቱን ንብረት ለግል ጥቅም መውሰድዎ ተረጋግጧል።»

በዚህ አጻጻፍ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የሠራተኛው መልስና መልሱ ውድቅ የሆነበት ምክንያት ሁሉም በስፍራው ተቀምጧል። የጫኞቹ ቃል ባይኖር ኖሮ ግን ጠንቃቃ አሠሪ «ሰርቀዋል» ከማለት ይታቀብና፣ ማስረጃው እስከ ፈቀደለት ድረስ፣ ሰነድ ባለመያዝና መጋዘኑን ባለመቈጣጠር ስለ ተፈጸመ ከባድ ቸልተኝነት ይጽፋል። ብዙ አሠሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጉድለቱን በሚገባ ያስረዳና ስርቆቱን ማስረዳት ይሳነዋል። በደብዳቤው ያላሰፈረውን ምክንያት በክርክር ጊዜ ቢያነሣም የሚታመንለት በብርቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በጊዜ አቈጣጠር ላይ ነው። «ጥፋት እስካለ ድረስ አሠሪው በፈለገው ጊዜ ያሰናብታል» ይባላል። ሕጉ ግን አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ 30 የሥራ ቀን ካለፈ የማሰናበት መብቱ ይቀራል ይላል። በምሳሌያችን ፋብሪካው በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ከሆነና መቍጠር ከጥቅምት 12 ከተጀመረ፣ ሠላሳኛው የሥራ ቀን ሰኞ ኅዳር 16 ላይ ይውላል። የፋብሪካው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀጠሮ እያራዘመ፣ ቃለ ጉባኤው ፊርማ እየጠበቀ ኅዳር 20 ቢደርስ፣ ሰውዬው በእውነት በደለኛ ቢሆን እንኳ በዚህ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት አይቻልም። ይህን ጭካኔ የሚሉት አሉ፤ ለእኔ ግን ሠራተኛን በተንጠለጠለ ክስ ለወራት ማሠቃየትን የሚከለክል ፍትሐዊ ድንጋጌ ሆኖ ይታየኛል። ለምርመራ ከሥራ ማገድም ከ30 የሥራ ቀን አይበልጥም።

ስለዚህ ደብዳቤው ምክንያቱን ብቻ ሳይሆን የሥራ ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን ጭምር እንዲገልጽ ሕጉ ያዝዛል። ደብዳቤው ኅዳር 12 ተጽፎ «ከጥቅምት 11 ጀምሮ» ማለት፣ ማለትም ስንብቱን ወደ ኋላ መሳብ፣ ደመወዝን ለማስቀረት የተደረገ ዘዴ መስሎ ከመታየቱም በላይ የይርጋውን መነሻ ያደበላልቃል።

ሠራተኛውም የራሱ ተረት አለው። አንደኛው «ከፈረምሁ አመንሁ» የሚለው ነው። «ደርሶኛል» ብሎ ቀን ጽፎ መፈረም መድረሱን ብቻ ያስረዳል፤ የሰጋ ሰው «ይዘቱን አልተቀበልሁትም» ብሎ ሊጨምርበት ይችላል። አለመፈረም ጊዜውን አያቆመውም። ከዚህ ይልቅ የሚጎዳው ሁለተኛው ተረት ነው፤ «ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ይግባኝ ብያለሁና መልሱን ልጠብቅ» የሚለው። በደብዳቤው መጨረሻ የሚጻፈው የውስጥ ይግባኝ ድርጅቱ በደንቡ የሰጠው መብት ነው፤ መጠቀሙ መልካም ነው፣ ዳሩ ግን የይርጋን ሩጫ አይገታም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ መቅረብ ያለበት ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ከውሉ መቋረጥ የተነሣ የገንዘብ ጥያቄ ደግሞ ስድስት ወር አለው። ኅዳር 12 የተሰናበተው የመጋዘን ኃላፊ ጥር ሙሉ የሥራ አስኪያጁን መልስ ሲጠብቅ ቢቈይ፣ የካቲት 12 ቀርቦበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚረታው በገንዘብ ብቻ ሊሆን ይችላል።

«በጥፋት የተባረረ ባዶ እጁን ይሄዳል» የሚለውም እውነቱ ግማሽ ነው። የስንብት ክፍያ በእርግጥ ይቀርበታል። የሠራበት ደመወዝና ያልወሰደው የዓመት ዕረፍት ግን ገንዘቡ ነው፤ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥም ሊከፈለው ይገባል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውም አይከለከልም።

ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዝዛል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ዳኛው ወደ ሥራው ሊመልሰው ወይም በካሣ ሊያሰናብተው ይችላል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኙን ያቀርባል።