የመጨረሻዋ ወር ፕሮግራም፣ በአንድ መልእክት

ሰኔ ሲጋመስ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በቴሌግራም ከሚላላኩት መልእክት ውስጥ አንዱ ዓይነት ሁልጊዜ ይደጋገማል። «ከነገ ጀምሮ በቀን 14 ሰዓት እናጥናለን፤ ባዮሎጂ በሦስት ቀን፣ ኬሚስትሪ በአራት ቀን እንጨርሳለን» ይላል። ተቀባዩም «እሺ፣ በርታ» ብሎ ይመልሳል። በሦስተኛው ቀን አንዱ ያረፍዳል፣ ሌላው ለመውቀስ ያፍራል፣ ፕሮግራሙም ሳይነገር ይቀራል። ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ጥፋቱን መልእክቱ ላይ አገኘዋለሁ፤ ስንት ገጽ እንደሚነበብ ይናገራል እንጂ ሁለቱ መቼ እንደሚገናኙና ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ አይናገርም።

የሚሠራ መልእክት ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ናሙና እናንብብ። ጸሐፊዋም ተቀባይዋም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች፣ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው እንበል።

«ሰላም እህቴ። 30 ቀን ቀርቶናል፤ ለጉዞና ካምፓስ ለመግባት 2 ቀን ብናወጣ 28 ነው። እንዲህ ብናደርግስ? ጠዋት 11:30 ላይ ‹ተነሳሁ› ብቻ እንባባል፣ ወሬ የለም። እስከ 1:30 ድረስ የቀድሞ ዓመታት ሒሳብ ወይም ፊዚክስ እንሥራ፣ መልሱን ሳናይ። ቀኑን ሁላችንም እንደየቤታችን። ማታ 2:00 ላይ 40 ደቂቃ እንደዋወል፤ እያንዳንዳችን የተሳሳትነውን አምስት ጥያቄ ይዘን እንመጣለን። አንቺ ማክሰኞ እንጀራ ስለምትጋግሪ፣ ማክሰኞ ጠያቂዋ እኔ ብቻ እሆናለሁ። ኔትወርክ ከጠፋ በማግስቱ እኔ ቤት እንገናኝ። አንድ ቀን ካመለጠን በሚቀጥለው እጥፍ አንሠራም፤ እሑድ ከሰዓት ለዚያ ባዶ ይሁን። ያልሠራሽውን አትደብቂኝ፣ እኔም አልዋሽሽም። የማይመችሽን ቆርጠሽ ላኪልኝ።»

ይህ መልእክት የሚያስረው በቀን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የጠዋቷን አንዲት ቃልና የማታውን 40 ደቂቃ። በመካከል ያለውን ጊዜ ለየባለቤቱ ይተዋል። አንዷ ውኃ ትቀዳለች፣ ሌላዋ ታናሽ ወንድሟን ትጠብቃለች፤ የሁለት ቤት ቀን በየሰዓቱ ሊገጥም አይችልም። መልሱ «11:30 አይሆንልኝም፣ 12:30 ይሁን» ብሎ ቢመጣ ደግሞ ደግ ነው። ከ«እሺ፣ በርታ» ይልቅ እንዲህ የሚከራከር መልስ ፕሮግራሙን ለመኖር ያሰበ ሰው መልስ ነው።

ዋናው ሥራ ማታ ነው። ለምን አብሮ ማንበብ ሳይሆን መጠያየቅ? በአውሮፓውያኑ 2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነብበው፣ ከፊሉን ደግሞ እንዲያነብ፣ ከፊሉን ሳያይ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ያስታወሱት 81 በመቶ ነበር፣ የሌሎቹ 75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ያነበቡት 42 በመቶ፣ ከአእምሯቸው ያወጡት 56 በመቶ አስታወሱ። ደግሞ ማንበብ «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ፈተና አዳራሽ ድረስ አይዘልቅም።

የማታውን ጥሪ በአንድ ጥያቄ እንየው። አንደኛዋ ትጠይቃለች፦ «በሴኮንድ 20 ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ በ50 ሜትር ቆመ። ፍሬኑ ያው ሆኖ ፍጥነቱ 40 ቢሆን በስንት ሜትር ይቆማል?» ጓደኛዋ ሳታመነታ «100» ትላለች፤ ፍጥነቱ እጥፍ ስለሆነ ርቀቱም እጥፍ መስሏታል። እዚህ ላይ ትክክለኛውን መልስ ነግሮ ማለፍ ይቀናል። ጠያቂዋ ግን «ለምን?» ብላ ትቆማለች። ሌላዋ ቀመሩን ከአእምሮዋ ታወጣለች፣ v² = 2as። የመጀመሪያው ጉዞ ፍሬኑ 4 እንደሆነ ያሳያል፤ 400 ሲካፈል ለ8 ሃምሳ ይሆናልና። ሁለተኛው 1600 ሲካፈል ለ8፣ 200 ሜትር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ሆነ። ስህተቱን በራሷ አፍ ስላገኘችው ከአስረጅ የሰማችው ያህል አይረሳትም።

ጥያቄው ግን በዚያ ማታ አያልቅም። በስህተት ደብተር ላይ ቀኑ ይጻፋል፤ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ቁጥሩ ተቀይሮ ይመለሳል። ለምሳሌ ፍጥነቱ 30፣ ፍሬኑ 5 ቢሆን ርቀቱ 90 ሜትር ነው። ቁጥሩ ካልተቀየረ ተማሪዋ የምታስታውሰው «200» የሚለውን መልስ ብቻ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ስህተት አጠገብም ምክንያቱ በአንድ ቃል ይጻፍ፦ አላወቅሁም፣ ስሌት፣ ሰዓት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው መጽሐፍ አይፈልግም፣ ዝግ ብሎ መሥራት ነው። «ሰዓት» የሚለው ከበዛ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ማንበብ ምንም አይጠቅም። በቀደሙት ወረቀቶች ሒሳብ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነው፤ ለአንዱ 3 ደቂቃ እንኳ አይደርስም። የሚያስፈልገው ሰዓት ይዞ መሥራትና የሚያጣብቀውን ጥያቄ ዘሎ ማለፍ መልመድ ነው።

28ቱ ቀናት ታዲያ እንዴት ይከፈላሉ? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከሁሉም ትምህርት አንዳንድ የቆየ ወረቀት ሠርቶ ለማረም አውላቸው እላለሁ። የትኛው ትምህርት ብዙ ጊዜ እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው በዚያ እንጂ በፍርሃት አይደለም። ብዙ ተማሪ የሚወደውን ትምህርት ደጋግሞ ያጠናል፤ ማለፊያው ግን የሚሰላው ከጠቅላላ ድምር 50 በመቶ ስለሆነ፣ ከ80 ወደ 85 ከመውጣት ይልቅ ከ30 ወደ 45 መውጣት ይቀላል፣ ይበልጥም ያሳልፋል። ቀጣዮቹ 20 ቀናት መልእክቱ እንዳለው ይሄዳሉ። የመጨረሻዎቹ 6 ቀናት አዲስ ምዕራፍ አይከፈትባቸውም፤ ጠዋት አንድ ሙሉ ወረቀት በሰዓት፣ ማታ የስህተት ደብተር ብቻ።

ይህን ሁሉ አድርገውም ሁለት ጓደኛሞች ሊታለሉ ይችላሉ። ማታ ማታ የሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ ከተመለሰ ደስ አይበላችሁ፤ ምናልባት የምታውቁትን እየመረጣችሁ ነው። ከአምስቱ ሁለት ሦስቱ ማስቸገር አለባቸው። አንዷ ሁልጊዜ አስረጅ፣ ሌላዋ ሁልጊዜ ሰሚ ከሆነችም አስረጂዋ እየተጠቀመች ነው፣ ሰሚዋ ግን ገና አልሠራችም፤ ተራው ይገለበጥ። ሁለቱም በአንድ መልስ ተስማምተው ከመልስ መስጫው ጋር ሲለያዩስ? ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ የመልስ ቁልፎች ስህተት አያጣቸውም፤ የሁለት ሰው መስማማትም ማስረጃ አይሆንም። ወደ መማሪያ መጽሐፉ፣ ካልሆነም ወደ መምህር።

ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ብዙ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሚፈተን የወሩ መጨረሻ እንደ ድሮው አይደለም። በግቢ የሚፈተኑት አስቀድመው ይገባሉ፣ ስልክ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። በ2015 ከተፈተኑት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩና ጭንቀቱ የዋዛ አይደለም፤ ግን የስልኩ ጥሪ ሻንጣ ከመያዙ በፊት ማለቁን መልእክቱ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ይገባል። «እንደራሳችን እናያለን» ብሎ የተተወ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ ይሆናል። የመጨረሻው ጥሪ ለሌላ ነገር አይዋል፤ በደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ የተሳሳቱትን ጥያቄዎች ብቻ አንሥቶ፣ በ40 ደቂቃው ይዘጋ፣ ሁለቱም 3 ሰዓት ላይ ይተኙ።