ጥፋቱ የገመዱ ነው?

ኢስት ኮልፋክስ አጠገብ የሚኖረው የእህቴ ልጅ፣ በሴኮንድ 144 ጊዜ ምስል የሚያድስ ሞኒተር ገዝቶ ከ60 በላይ አልሄድ አለው። ሞኒተሩን ሊመልስ፣ ካልሆነም ውድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ሊገዛ ተነስቶ ነበር። «ቆይ እስቲ» ብዬ ማኑዋሉን ገለጥኩ። የሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ 1.4 ነው።

ነገሩ ሂሳብ ነው። ስክሪኑ 2560 በ1440 ነጥብ አለው። ያንን በሴኮንድ 144 ጊዜ ለመሳል በየሴኮንዱ 14 ጊጋቢት ያህል መረጃ ማለፍ አለበት። ኤችዲኤምአይ 1.4 ለምስል የሚያሳልፈው ግን 8 ገደማ ብቻ ነው፤ በወርቅ የተለበጠ ገመድም ይህን አያሰፋውም። ከጎኑ ያለው ዲስፕሌይፖርት 1.2 ደግሞ 17 ያሳልፋል።

ከካርቶኑ የወጣውን የዲስፕሌይፖርት ገመድ ሰካን። አሁንም 60! ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በራሱ አይቀይረውምና Settings፣ System፣ Display፣ Advanced display ገብተን 144ን መረጥን። ልጁ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ሳቀ።

እርስዎም ቢገጥምዎት፣ 144 ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አስቀድመው መሰኪያውን ይጠርጥሩ፤ ኖሮ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ ገመዱን። በኮምፒዩተሩም በሞኒተሩም በኩል ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም 2.1 ካለ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ስክሪን ኤችዲኤምአይም ይበቃል። ገመድ ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱን ጫፍ ቁጥር ይዩ።