ካፌው ፎርማት የሚደረግበት ሌሊት

የኢንተርኔት ካፌ ባለቤት የጋራ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ፎርማት አስደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሊያስጭንባቸው ሲወስን ለሠራተኞቹ የሚጽፈው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ያም ሆኖ ገና ከቀኑና ከሰዓቱ ላይ ሊሳሳት ይችላል። «እሑድ ሌሊት» የሚለውን አንዱ ሠራተኛ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌላው ለሰኞ አጥቢያ አድርጎ ይረዳዋል። የግድግዳው ሰዓት 3 ሲል የኮምፒውተሩ 9 ማለቱም አለ። ስለዚህ ደብዳቤው «እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ ማንም አይሳሳትም።

ከቀኑ ይልቅ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው ምን እንደሚጠፋ ነው። ፎርማት የሚደረገው ብዙውን ጊዜ C: የተባለው ክፍል ሲሆን Desktop፣ Downloads እና Documents ውስጥ ያለው ሁሉ የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው። ደንበኞች ደግሞ ሲቪያቸውን፣ ለዲቪ የተነሡትን ፎቶ፣ ገና ያላለቀ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ትተው የሚሄዱት በእነዚህ ቦታዎች ነው። ባለቤቱ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ የሚያውቀው ቀኑን ሙሉ አብሯቸው የሚውለው ሠራተኛ ነው።

በመሆኑም ደብዳቤው ሁለት ነገር ያዝዛል። የመጀመሪያው ከሳምንት በፊት በየኮምፒውተሩ ላይ «ፋይልዎን እስከ እሑድ ይውሰዱ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነው። ሁለተኛው የቀረውን ፋይል ሳይከፍቱ በኮምፒውተሩ ቁጥር በተሰየመ ፎልደር ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መገልበጥና ለአንድ ወር አቆይቶ ማጥፋት ነው። በብራውዘር ውስጥ ተቀምጠው የቀሩ የደንበኞች የይለፍ ቃሎች ግን አይገለበጡም። እነሱ ቢጠፉ ለባለቤቶቻቸውም ይሻላል።

ሲገለበጥ አብሮ ሊተላለፍ የሚችል ነገር አለ። በየካፌው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው የሾርትከት ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በምትኩ ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። መጠኑ ሁለት ኪሎባይት ያህል ብቻ የሆነ «ፎልደር» ከታየ ምልክቱ ይኸው ነው። ሾርትከቱን ሳይነኩ የተደበቀውን በሚከተለው ትእዛዝ ማውጣት ይቻላል፤ E: የፍላሹ ወይም የዲስኩ ፊደል ነው።

```
attrib -h -r -s /s /d E:\*.*
```

ትእዛዙ የተደበቀውን ያሳያል እንጂ ቫይረሱን አይገድልም። ስለዚህ መገልበጥ ያለባቸው ሰነድና ፎቶ ብቻ ናቸው፤ .lnk፣ .vbs እና .exe የሆነ ሁሉ ይቀራል። C: ጸድቶ D: ሳይነካ የሚታለፍ ከሆነም D: በአንቲቫይረስ ሳይፈተሽ መከፈት የለበትም። አለዚያ ያደሩበት ሥራ በአንድ ክሊክ ይበላሻል።

ካፌው ለምን በምሽት 3 ሰዓት እንደሚዘጋ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። አስር ተመሳሳይ ኮምፒውተር ያለው ቤት በእያንዳንዱ ላይ ዊንዶውስን፣ ኦፊስን፣ የአማርኛ መጻፊያውንና የፕሪንተሩን ድራይቨር አንድ በአንድ ቢጭን ሌሊቱ አይበቃውም። ስለዚህ አንዱ በደንብ ይዘጋጅና እንደ ክሎንዚላ ባለ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂው ይወሰዳል። ቅጂው 15 ጊጋባይት ቢሆንና 100 ሜጋቢት በሆነ ኔትወርክ ቢተላለፍ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ያህል ስለሚያልፍ ለአንዱ 23 ደቂቃ ይፈጃል። የቀሩት ዘጠኙ በየተራ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳሉ። መብራት መሐል ላይ ከጠፋና የሚይዘው ዩፒኤስ ከሌለ የዚያ ኮምፒውተር ቅጂ ከመጀመሪያው ይደገማል።

ኮምፒውተሮቹ የተለያየ ዘመን ሥሪት ከሆኑ አንዱ ቅጂ ለሁሉም አይሆንም። በUEFI ከሚነሣ ኮምፒውተር የተወሰደ ቅጂ በድሮው ባዮስ ብቻ በሚነሣው ላይ ቢጫን ማሽኑ ጨርሶ አይነሣም። ፎርማት ማድረግ የማይፈታውም ችግር አለ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የቆዩ ማሽኖች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን TPM 2.0 አያሟሉም። እነዚህ ቢጸዱ ለጊዜው ይፈጥናሉ፤ የደኅንነት ክፍተታቸው ግን አይዘጋም።

የደብዳቤው የመጨረሻ አንቀጽ ስለ ሰኞ ጠዋት ነው። ቅጂው የኮምፒውተሩንም ስም ይዞ ስለሚሄድ አስሩም አንድ ስም ይዘው ይነሣሉ፤ ሒሳብ የሚቆጥረው ፕሮግራምም ማን የት እንደተቀመጠ ሊያምታታ ይችላል። ስለዚህ በር ከመከፈቱ በፊት ሠራተኛው በየኮምፒውተሩ ላይ የየራሱን ቁጥር በስምነት ይሰጠዋል፣ አንድ ድረ ገጽ ይከፍታል፣ አንድ መስመር በአማርኛ ጽፎ ያትማል፣ የካሸሩ ኮምፒውተር ሰዓቱን በትክክለኛው ቁጥር ሥር መቁጠሩን ያያል። የካሸሩ ኮምፒውተር የደንበኞችን ሒሳብ ስለያዘ በዚያ ሌሊት አይነካም፤ እሱ በሌላ ቀን፣ መዝገቡ ከተገለበጠ በኋላ ለብቻው ይሠራል።