ካምቢዮው ወርዶ ሳለ

ሚኒባሷ ጋራዥ የገባችው በፍሪሲዮን ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ፍጥነት አትጨምርም፤ ሸራው አልቋል። መካኒኩ ካምቢዮውን አውርዶ የፍሪሲዮኑን ዲስክና ሸራው የሚያርፍበትን ብረት ሲፈታ ከሞተሩ ጀርባ ያለችውን ፓራኦሊዮ ያያል። ይህች የጎማ ቀለበት የክራንኩን ጫፍ ዙሪያ ይዛ ዘይት እንዳይወጣ የምትከለክል ናት። አሁን ግን ከሥሯ ጥቁር ዘይት ወርዷል።

ባለቤቱ ያዘዙት ሸራ ብቻ ነው። ብዙ ቅን መካኒኮች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ ገንዘብ ፈላጊ እንዳይባሉ ይፈራሉ። ዝምታው ግን ደንበኛውን ያስከፍላል። ዘይቱ አዲሱ ሸራ ላይ ካረፈ ሸራው መንሸራተት ይጀምራል፣ አንዴ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ታጥቦ የሚመለስ አይደለም።

ለስሌት እንዲቀል ካምቢዮ ማውረጃና መስቀያው 8,000 ብር፣ ፓራኦሊዮዋ ከነመግጠሚያዋ 1,500 ብር ነው እንበል። ዛሬ ከተቀየረች ባለቤቱ የሚጨምሩት 1,500 ብር ብቻ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ከሆነ በዚያ ላይ 8,000 ብሩን እንደገና ይከፍላሉ፣ ሌላ ሸራ ይገዛሉ፣ ሚኒባሷ በቆመችባቸው ቀናትም ገቢ አይገባላቸውም። እንግዲህ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ሰዓት ካምቢዮው መሬት ላይ ያለበት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ፓራኦሊዮዋ ራሷ አትታይም። ሂሳብ ሲከፈል የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው "ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?" ማለታቸው አይቀርም፤ እውነታቸውንም ነው።

ስልክ ከመደወሉ በፊት ግን አንድ ሥራ ይቀራል። እዚያ ቦታ የሚታይ ዘይት ሁሉ ከፓራኦሊዮዋ የወጣ አይደለም። ከላይ፣ ከሞተሩ ክዳን ጓርኒሲዮን ሾልኮ በጀርባ በኩል የወረደም ሊሆን ይችላል። ያኔ ከላይ ጀምሮ መንገዱ ይታያል። ወፈር ያለና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የካምቢዮው ዘይት ነው፣ ሌላ ቀለበት መፈተሽ አለበት። ይህን ሳያጣራ የሚመክር ሰው የደንበኛውን ገንዘብ ያልተበላሸ ነገር ላይ ያውላል፤ ማንጠባጠቡም ይቀጥላል። "ይጎተጉታል" የሚለው ስም የሚመጣው ከንግግሩ ይልቅ ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ለማን ይነገራል የሚለው አለ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሾፌሩ ነው፤ ከፋዩ ግን ባለቤቱ ናቸው። ነገሩ በሾፌሩ በኩል ከሄደ ሁለቱም መካኒኩን ሊጠረጥሩት ይችላሉ። ስለዚህ ፎቶ በቴሌግራም ይልክና ራሱ ይደውላል።

"ጋሼ፣ ካምቢዮውን አውርደነዋል። የኋላዋ ፓራኦሊዮ ዘይት ታፈስሳለች፣ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። አሁን ብትቀየር 1,500 ብር ትጨምራለች፤ ከተሰቀለ በኋላ ከሆነ ግን ካምቢዮው እንደገና መውረድ አለበት። ሸራው የሚያርፍበት ብረት ደህና ነው፣ አይነካም።"

"ሸራ ብቻ ብዬህ አልነበር?"

"ብለውኛል ጋሼ። ሸራውን ብቻ አድርጌ ልጨርሰው እችላለሁ። ዕቃው እስኪመጣ አንድ ሰዓት አለን፣ አስበው ይደውሉልኝ።"

እዚህ ውስጥ "ሞተርዎ ይቃጠላል" የሚል ማስፈራሪያ የለም። በተለይ "አይነካም" የምትለዋ ቃል ብዙ ትሠራለች፤ መካኒኩ ያየውን ሁሉ የሚሸጥ እንዳልሆነ ባለቤቱ ከራሱ አፍ ሰምተዋል። የአንድ ሰዓቷ ጊዜም እውነተኛ ናት፣ ለማጣደፍ የተፈጠረች አይደለችም።

ነገሩ በተቃራኒው ሲሄድ ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። የካሊፎርኒያ ግዛት ተቆጣጣሪዎች የሲርስ ኩባንያን ጋራዦች የማያስፈልግ ጥገና ይሸጣሉ ሲሉ ከሰሱ። ሠራተኞቹ ደንበኛ ሰው መስለው በሄዱ መርማሪዎች ተፈትነው ነበር። የደንበኛ አማካሪዎቹ የሚከፈሉት በሸጡት ልክ ኮሚሽን ነበር፣ በየዕቃው የሚሞላ ኮታም ነበራቸው። ኩባንያው ስህተት መፈጸሙን ተቀብሎ ይህን አከፋፈል አስቀረ። ኮታ ያለበት ሰው ፓራኦሊዮዋ ደረቅ ብትሆንም የሚለው ነገር አያጣም። የጋራዥ ባለቤት ሠራተኞቹን ከመገሠጹ በፊት በምን እንደሚከፍላቸው ቢያይ ይሻላል።

ባለቤቱ አይሆንም ካሉስ? መካኒኩ ሁለተኛ አይደውልም። ደረሰኙ ላይ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፎ "የኋላ ፓራኦሊዮ ታፈስሳለች፣ አልተቀየረችም" ብሎ ያሰፍራል፣ አንዱን ቅጂ ለሾፌሩ ይሰጣል። ሚኒባሷ ለዘይት ቅየራ ስትመለስ ከሥር ገብቶ በካምቢዮና በሞተር መጋጠሚያ ሥር ያለችውን ቀዳዳ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ለዚህ አያስከፍልም። ጨርቁ ደረቅ ከወጣ ነገሩን አያነሳም። ዘይት ይዞ ከወጣ ጨርቁን ፎቶ ያነሳና ለጋሼ ይልካል።