«እርጎ ከሆነማ አይጎዳም»፦ እምነቱና እውነታው

በመቱ፣ በጎሬና በሁሩሙ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ጠዋት የታለበ ወተት እስከ ማግስቱ ትኩስነቱን ይዞ መቆየት ሲያቅተው፣ በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል ውስጥ የረጋው እርጎ፣ በኦሮምኛ ኢቲቱ የሚባለው፣ ቀናት ሰንብቶ ይጠጣል። ከዚህ ትክክለኛ ትዝብት በመነሳት ግን ብዙዎች «መኮምጠጡ በሽታውን ሁሉ ስለሚገድል እርጎ የሚሆን ወተት መፍላት አያስፈልገውም» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ፤ ትዝብቱ እውነት ሲሆን ድምዳሜው ግን ሰው ያሳምማል።

እምነቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ትኩስ ወተት ውሃም፣ ስኳርም፣ ፕሮቲንም የሞላበት፣ ኮምጣጣነቱም እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ያገኘው ረቂቅ ተሕዋስ ሁሉ ይራባበታል። ከእነዚህ መካከል ላክቲክ አሲድ አምጪ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር፣ ማለትም ላክቶስን፣ እየተመገቡ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 6.6 አካባቢ ከነበረበት ወደ 4.6 ሲወርድ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን እርስ በርሱ ተያይዞ ወተቱ ይረጋል። አሲዱ ወደ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሕዋስ ዘልቆ ውስጣቸውን ስለሚያኮመጥጥ፣ ያን ለማስወጣት ጉልበታቸውን የሚጨርሱት አግሚ ተሕዋስያን መራባት ያቆማሉ። እርጎ የሚሰነብተው እንግዲህ ባክቴሪያ ስለሌለበት ሳይሆን አንደኛው ወገን ቀድሞ ቤቱን ስለያዘው ነው፤ «ሕያው እርሾ» የሚባለውም ይኸው በሕይወት ያለ አሸናፊ ወገን ነው።

ይሁንና መራባት ማቆም ሌላ፣ መሞት ሌላ ነው። ብሩሴሎሲስ የተባለውን ሕመም የሚያመጣው ባክቴሪያና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ከታመመች ላም ጡት ከወተቱ ጋር የሚወጡ በመሆናቸው ንጹሕ እጅና የታጠበ ዕቃ አያስቀራቸውም፤ በኮመጠጠ ወተት ውስጥም ባይራቡ እንኳ ለቀናት በሕይወት ይቆያሉ። ሰውን ለማሳመም ደግሞ እዚያው እርጎው ውስጥ መራባት አይጠበቅባቸውም። ይህ እየታወቀ «ከፈላ ጥቅሙ ይጠፋል» እያሉ ጥሬውን ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሳይቀር የሚያዙ መካሪዎች ለሚያደርሱት ጉዳት ምክንያት ሊያቀርቡ አይችሉም፤ ምክንያቱም ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ካፈሉ በኋላ መልሶ መጨመር ይቻላል።

«የፈላ ወተት እርጎ አይሆንም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። ማፍላት ወተቱን የሚያረጉትን ባክቴሪያዎችም ስለሚገድል፣ እንዲሁ የተተወ የፈላ ወተት በመኮምጠጥ ፈንታ ሙቀትን በሚቋቋሙ የባክቴሪያ ዘሮች ምክንያት መሪር ጣዕም ይይዛል። መፍትሔው አንድ ሊትር ወተት አፍልቶ፣ ጣት ሳይቃጠል የሚታገሠው ለብታ እስኪደርስ ማብረድና ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ ጨምሮ ከድኖ በሞቃት ስፍራ ማሳደር ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ እርሾው ከጥሬ ወተት እርጎ የተቀዳ ከሆነ ማፍላቱ ያስወገደው ተሕዋስ በማንኪያ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርሾ ከፋብሪካ ከወጣ፣ በፓስቸራይዜሽን ሙቀት ካለፈ ወተት ከተሠራ እርጎ መወሰድ ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ ከራሱ ከአዲሱ እርጎ እየተቆነጠረ መቀጠል ይቻላል።

የወይራ ጭስ ለሽታ ብቻ ነው የሚሉም ተሳስተዋል። የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪው ሞገሴ አሸናፊ በእርጎ ላይ ያደረጓቸው ጥናቶች ማጠን የተሕዋስያንን እድገት እንደሚገታ አሳይተዋል፤ መግታቱ ግን የማፍላትን ቦታ አይተካም። ማቀዝቀዣ እርሾውን ይገድላል መባሉም ስሕተት ነው፤ ብርድ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። እርጎን ረግቶ ካበቃ በኋላ ማፍላት ግን በእርግጥ ሕያው እርሾውን ያጠፋል፣ እርጎውንም ወደ አይብና አጓት ይለየዋል።

እርጎም ዘላለም አይኖርም። የፈንገስ ወገን የሆኑት ይስትና ሻጋታ አሲድን ስለሚችሉ አልፎ ተርፎም ስለሚመገቡት፣ ከላይ ሽፋን ሲሠሩ ኮምጣጣነቱ እየቀነሰ ለሌሎች አግሚዎች በር ይከፈታል፤ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ነጠብጣብ፣ አረፋ ወይም የብስባሽ ሽታ የታየበት እርጎ ላዩን ገፎ ሳይሆን በሙሉ ሊደፋ ይገባዋል። የብሩሴላ ባክቴሪያ ያለበት እርጎ ግን በጠረንም በጣዕምም ከሌላው አይለይም። ስለዚህ ለሳምንታት እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ወባ ብቻ ነው ብሎ ሳይደመድም፣ ጥሬ ወተት ወይም ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ ይጠጣ እንደነበረ ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይንገር።