የሙዚቃ ትምህርት፣ የልጆች ትውስታና የቋንቋ ዕድገት፦ «ሌሎቹ ልጆች ምን ሲያደርጉ ነበር?»



የዛሬውን ገለጻ በእርምት እጀምራለሁ። ለበርካታ ዓመታት የሥነ ልቦና መግቢያ ሳስተምር፣ የሙዚቃ ትምህርት የልጆችን ትውስታ እንደሚያጎለብት የተረጋገጠ ነገር አድርጌ እናገር ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ «መምህር፣ ሙዚቃ ያልተማሩት ልጆች በዚያ ጊዜ ምን ሲያደርጉ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ጥናቶቹ ተመልሼ ሳነብ፣ ለካ የመስኩ ክርክር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው። ስለዚህ የዛሬው ክለሳ ድርሳናት ጥናቶቹን በዓመተ ምሕረት ቅደም ተከተል ብቻ አይዘረዝርም፤ እያንዳንዱን በተማሪዋ ጥያቄ ይመዝናል።

አስቀድሜ አንድ ብዥታ ላጥራ። በ1993 እ.ኤ.አ. ራውሸርና ባልደረቦቿ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ የሞዛርትን ሶናታ ለ10 ደቂቃ ያዳመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ዓይነት የቦታና የቅርጽ ፈተና ለጥቂት ደቂቃዎች የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ዘገቡ። በዚያ ጥናት ውስጥ ሕፃን አልነበረም፤ ትምህርትም አልነበረም። ሙዚቃ ማዳመጥና ሙዚቃ መማር የተለያዩ ናቸው፤ እኛ የምንነጋገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ስለ ትውስታ ከሚነሡት ሥራዎች መካከል ቀዳሚው የሆንግ ኮንግ ጥናት ነው። ቻን፣ ሆ እና ቹንግ በ1998 እ.ኤ.አ. 60 ሴት የኮሌጅ ተማሪዎችን አነጻጸሩ፤ ግማሾቹ ከ12 ዓመታቸው በፊት ቢያንስ ለ6 ዓመታት የሙዚቃ መሣሪያ የተማሩ ነበሩ። ሙዚቃ የተማሩት የተነበበላቸውን የቃላት ዝርዝር በማስታወስ በለጡ፤ በምስላዊ ትውስታ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ተመራማሪዎቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ከ6 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 90 ወንዶች ልጆች መረመሩ፤ 45ቱ የትምህርት ቤት ኦርኬስትራ አባላት ነበሩ። ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ፦ ቃላዊ ትውስታ ላይ ብልጫ፣ ምስላዊ ትውስታ ላይ እኩልነት። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመለሱም ሙዚቃውን የቀጠሉትና አዲስ የጀመሩት በቃላዊ ትውስታ ተሻሽለው፣ ያቋረጡት ግን ሳይሻሻሉ አገኟቸው።

ይህ አሳማኝ ይመስላል፤ እኔንም ያሳመነኝ ይኸው ነበር። ብልጫው በቃላዊው ላይ ብቻ መታየቱ «እነዚህ ልጆች በደፈናው ጎበዞች ስለሆኑ ነው» የሚለውን ማብራሪያ ያዳክማል። ሆኖም ኦርኬስትራ የገባውም ሆነ ያቋረጠው ልጅ በተመራማሪ አልተመደበም፤ ራሱ ወይም ወላጆቹ መርጠዋል። በጽናት የሚማር፣ ቤቱ የሚደግፈው፣ ትምህርት የማይከብደው ልጅ ሙዚቃውንም አያቋርጥም። ያቋረጠው ልጅ ያልተሻሻለው ሙዚቃ ስላቆመ ነው? ወይስ ሙዚቃውን ያስቆመው ነገር ትውስታውንም ነክቶት ይሆን? ከዚህ ንድፍ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። የእኛንም አገር ምሳሌ ላንሣ። የዜማ ቤት ተማሪ ድጓውን በቃሉ መያዙ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዓመታትን ችሎ እስከ ምስክርነት የደረሰውን ተማሪ ከሌላው ጋር አነጻጽረን «ዜማ ትውስታን ፈጠረ» ብንል፣ መንገድ ላይ የቀሩትን ሁሉ ከስሌቱ አውጥተናል። ያ ስሕተት ከሆንግ ኮንጉ ጋር አንድ ነው።

መፍትሔው ዕጣ ነው። የቶሮንቶው ሸለንበርግ በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። 144 የስድስት ዓመት ልጆችን በዕጣ በአራት ቡድን መደበ፦ የኪቦርድ ትምህርት፣ የድምፅ ትምህርት፣ የድራማ ትምህርት፣ እንዲሁም በዚያ ዓመት ምንም ተጨማሪ ትምህርት ያልተሰጠው ቡድን። ትምህርቱ ለ36 ሳምንታት፣ በትናንሽ ቡድኖች ተሰጠ። ልጆቹ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊትና ዓመቱ ሲያልቅ የአእምሮ ብቃት ፈተና ወሰዱ።

ውጤቱን በጥንቃቄ እንመልከት። ሙዚቃ የተማሩት በአማካይ 7 ነጥብ ጨመሩ። በዚያ ቆመን ቢሆን «ሙዚቃ 7 ነጥብ ይጨምራል» እንል ነበር። ነገር ግን ሙዚቃ ያልተማሩት ሁለቱ ቡድኖችም 4.3 ነጥብ ጨምረዋል፤ ትምህርት ቤት መግባትና ፈተናውን ለሁለተኛ ጊዜ መውሰድ ብቻቸውን ውጤት ያሳድጋሉና። ለሙዚቃው የሚቀረው 2.7 ነጥብ ነው። የዚህ ፈተና መደበኛ ልይይት 15 ነጥብ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የመደበኛ ልይይቱ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። እውነተኛ ልዩነት ነው፤ ትንሽም ነው። የድራማው ቡድን ደግሞ በማኅበራዊ ባሕርይ ተሻሽሏል፤ የሙዚቃዎቹ በዚህ አልተሻሻሉም። ስለዚህ ድራማ ባዶ ማነጻጸሪያ አይደለም፤ የራሱ ፍሬ ያለው ትምህርት ነው።

ወደ ቋንቋ ስንሻገር ማስረጃው ጠበብ ይላል፤ ነገር ግን ጠንከር ይላል። ሞሬኖና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ሙዚቃ ተምረው የማያውቁ 32 ፖርቱጋላውያን የ8 ዓመት ልጆችን ግማሾቹን ሙዚቃ፣ ግማሾቹን ሥዕል ለ6 ወራት አስተማሩ። ሁለቱም ቡድኖች አዲስ ነገር ተምረዋል፤ ሁለቱም የመምህር ትኩረት አግኝተዋል። ሙዚቃ የተማሩት ግን በንግግር ውስጥ ያለን ጥቃቅን የድምፅ ከፍታ ለውጥ በመለየትና አጻጻፋቸው ከአነባበባቸው ጋር የማይገጥም ቃላትን በማንበብ ተሻሻሉ። ናን እና ባልደረቦቿ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የቤጂንግ ጥናት 74 የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች ተሳተፉ። አንዱ ቡድን በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ፣ ለ6 ወራት ፒያኖ ተማረ፤ ሌላው ተጨማሪ የንባብ ትምህርት አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም አልተጨመረለትም። የፒያኖው ቡድን በተናባቢ ብቻ የሚለያዩ ቃላትን በመለየት ከንባቡ ቡድን እንኳ በለጠ። በአጠቃላይ የአእምሮ ብቃት፣ በትኩረትና በሥራ ትውስታ ግን በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

የዚህን ጥለት ምክንያት ፓቴል የተባለው ተመራማሪ በ2011 እ.ኤ.አ. ባቀረበው መላምት እንዲህ ያስረዳል፦ ሙዚቃና ንግግር በአንጎል ውስጥ የሚጋሩት የድምፅ ማቀነባበሪያ አለ፤ ሙዚቃ ግን ከንግግር የበለጠ ጥራት ይጠይቃል። ንግግርን ድምፁ ትንሽ ቢዛነፍም ከዐውዱ እንረዳዋለን፤ ከቅኝቱ የወጣ ድምፅ ግን ወዲያው ይሰማል። በስሜትና በትኩረት ደጋግሞ ሲሠራበት ያ የጋራ ማቀነባበሪያ ይሰላል፤ ንግግርም ይጠቀማል። መላምቱ ልክ ከሆነ ጥቅሙ በድምፅ ልየታ ላይ መታየት አለበት፤ ከድምፅ ርቀን ወደ ሒሳብ ወይም ወደ ጠቅላላ የአእምሮ ብቃት በሄድን መጠን ሊደበዝዝ ይገባል።

የጥናቶች ድምር ይህንን ይደግፋል? ጎርደንና ባልደረቦቿ በ2015 እ.ኤ.አ. 13 ጥናቶችን ደምረው፣ ሙዚቃ ቃልን ወደ ድምፆቹ የመነጣጠል ችሎታን በጥቂቱ እንደሚያሳድግ፣ በንባብ ፍጥነት ላይ ግን አስተማማኝ ውጤት እንዳልታየ አሳዩ። ሳላና ጎቤ በ2020 እ.ኤ.አ. 54 ጥናቶችንና ወደ 7,000 የሚጠጉ ልጆችን ደመሩ። ጥቅል ውጤቱ ትንሽ ነበር፤ ልጆቹ በዕጣ የተመደቡባቸውንና ማነጻጸሪያው ቡድን ሌላ ትምህርት ያገኘባቸውን ጥናቶች ብቻ ሲይዙ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ቢጋንድና ቲልማን በ2022 እ.ኤ.አ. ያንኑ መረጃ መልሰው ተንትነው፣ ትንሽ አዎንታዊ ውጤት አሁንም እንዳለ ተከራከሩ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ሁለቱም ወገኖች ግን የሚነጋገሩት ስለ ትንሽ ውጤት ነው።

ይህ ለእናንተ ለተማሪዎች ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ንድፈ ጥናት ላሳያችሁ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ የሙዚቃ ክበብ አባላትን ከሌሎች ልጆች ጋር በቁጥር ማስታወስ ፈተና ለማነጻጸር አቅዳ መጣች። የሆንግ ኮንጉ ችግር እንዳለበት ታያላችሁ። አብረን እንዲህ አሻሻልነው። ክበቡ ከሚቀበለው በላይ ልጆች ከተመዘገቡ ቦታው በዕጣ ይደልደል፤ ዕጣ ያልወጣላቸው በእኩል ሰዓት ሥዕል ይማሩ። ፈታኙ የትኛው ልጅ የት እንደተመደበ አይወቅ። መካከል ላይ ያቋረጠ ልጅም በመጀመሪያው ምድቡ ይቆጠር፤ ካልሆነ ዕጣው ያስወጣውን ምርጫ በኋላ በር እናስገባዋለን።

ፈተናውንም ቀየርን። አማርኛ በጥብቀት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው፦ «ዋና» ሲላላ የውኃ ዋና፣ ሲጠብቅ አለቃ ወይም ቀዳሚ ነው፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «አልደረሰም» ማለት ነው። ልዩነቱ የተናባቢው ርዝመት፣ ማለትም የጊዜ ልዩነት ነው፤ ምት የሚማር ልጅ የሚሠለጥነውም ጊዜን በመለካት ነው። ስለዚህ ትንበያው ግልጽ ሆነ፦ ሙዚቃው የሚሠራ ከሆነ ልጁ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ቃል በመለየት ይሻሻላል፤ ቁጥር በማስታወስ ግን ከሥዕሉ ቡድን ላይበልጥ ይችላል። በሁለቱም እኩል ቢበልጥስ? ያኔ ሙዚቃውን ከማመስገናችን በፊት የሥዕል መምህሩ ይቀር እንደነበረ፣ ወይም ፈታኙ ምድቡን ዐውቆ እንደሆነ እንመረምራለን።

አንድ ገደብ ይቀራል። የመደበኛ ልይይት አንድ አምስተኛ የሚያህል ውጤትን በ80 በመቶ ዕድል ለመያዝ በእያንዳንዱ ቡድን 400 ገደማ ልጆች ያስፈልጋሉ። ተማሪዋ 60 ልጆች ብቻ ነበሯት። በ60 ልጆች «ልዩነት አልተገኘም» ቢባል ልዩነት የለም ማለት አይደለም፤ ትልቅ ልዩነት ቢገኝ ደግሞ ከደስታ ይልቅ ጥርጣሬ ይገባል። ይህንን በምዕራፍ አንድ ጽፋ ጥናቷን የመነሻ ጥናት ብላ ሰየመችው። እኔ በዚህ መድረክ ለዓመታት ካስተማርኩት የእርሷ አንድ አንቀጽ ይበልጥ ትክክል ነበር።

ልጁን ሙዚቃ ላስተምር ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ወላጅ ዛሬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ልጁ ሙዚቃን ይማርበታል፤ ጆሮውም ለንግግር ድምፅ ጥቂት ሊሰላ ይችላል። የፈተና ውጤቱን ለማሳደግ ብለው ከሆነ ግን፣ ገንዘቡንና ሰዓቱን በቀጥታ ለንባብ ቢያውሉት ይሻላል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ወንበር ብንጀምር ደስ ይለኛል።