ቃላትም ተራ አላቸው፦ ኮምፒውተር ቡናና ሻይ እንደሚቀራረቡ በምን ያውቃል?

መርካቶ ገብታችሁ በርበሬ ብትፈልጉ ቆርቆሮ ተራ አትሄዱም አይደል? ተመሳሳይ ዕቃ አንድ አካባቢ ስለሚሸጥ፣ የሱቁን ቦታ ማወቅ ብቻ ስለሚሸጠው ነገር ብዙ ይነግራችኋል። ኮምፒውተርም ቃላትን እንዲሁ በየተራቸው ያስቀምጣል። የቃሉን ቦታ የሚያመለክቱት ቁጥሮች ዝርዝር “ኢምቤዲንግ” ይባላል።

እስቲ በእጃችን እንሥራው። ሦስት ጥያቄ እንጠይቅና ከ0 እስከ 9 ነጥብ እንስጥ፦ ይጠጣል? ስኳር ይገባበታል? ወጥ ውስጥ ይጨመራል?

```
ቡና    [9, 8, 0]
ሻይ    [9, 9, 0]
በርበሬ  [0, 0, 9]
```

አሁን ርቀቱን እንለካ። በየቦታው ያለውን ልዩነት በራሱ አባዙት፣ ደምሩት፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። ከቡና እስከ ሻይ 1 ብቻ ነው። ከቡና እስከ በርበሬ ግን 81 + 64 + 81 = 226፣ ስኩዌር ሩቱም 15 ገደማ። ኮምፒውተሩ ቡና ቀምሶ አያውቅም፤ ግን ከሻይ ጋር እንደሚቀራረብ አወቀ።

ግን እኮ ለእያንዳንዱ ቃል ማን ቁጭ ብሎ ነጥብ ይሰጣል? ማንም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጉግል ተመራማሪዎች ያወጡት ወርድ-ቱ-ቬክ የተባለው ዘዴ ቁጥሮቹን ከጽሑፍ ብቻ ይማራል። መጀመሪያ ለየቃሉ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ “ጠዋት አንድ ስኒ ___ ጠጣሁ” ዓይነት ክፍት ቦታ ውስጥ የሚገባውን ቃል ለመገመት ይሞክራል። በተሳሳተ ቁጥር ቁጥሮቹን ትንሽ ትንሽ ያስተካክላል። ቡናም ሻይም እዚያ ክፍት ቦታ ስለሚገቡ፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ ጎረቤት ይሆናሉ። ሰዎቹ ይፋ ያደረጉት የእንግሊዝኛ ስብስብ ለእያንዳንዱ ቃል 300 ቁጥር ነበረው። እነዚህ ቁጥሮች ግን እንደኛ ሦስት ጥያቄዎች ስም የላቸውም፤ ትርጉም የሚሰጡት አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

ሥዕልም እንዲሁ ነው። ፎቶን ወደ ቁጥሮች ዝርዝር የሚቀይር ፕሮግራም በደንብ ከሠለጠነ፣ የሁለት የተለያዩ ድመቶች ፎቶ ተቀራርበው ይቀመጣሉ፤ የመኪናው ራቅ ይላል።

ታዲያ የት ይሳሳታል? “ሙቅ” እና “ቀዝቃዛ” ተቃራኒ ናቸው፤ ሆኖም ሁለቱም “ውሃ” እና “አየር” አጠገብ ስለሚገኙ ተቀራርበው ሊቀመጡ ይችላሉ። ሌላው ችግር “ገና” ነው። በዓሉም “ገና”፣ “ገና አልመጣም” የሚለውም “ገና”። ለአንድ ቃል አንድ ዝርዝር ብቻ ካለ፣ ሁለቱ ትርጉሞች ይደባለቃሉ፤ ልክ ግማሹን ጫማ፣ ግማሹን ሽንኩርት እንደሚሸጥ ሱቅ ተራው ይጠፋበታል። ይህን ማወቅ ከፈለጋችሁ የቃሉን የቅርብ ጎረቤቶች አስወጡ፦ “ፋሲካ” እና “እስካሁን” አብረው ከመጡ፣ ትርጉሞቹ ተደባልቀዋል ማለት ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2018 እንደወጣው በርት ያሉ በኋላ የመጡ ሞዴሎች ዙሪያውን ያለውን ዓረፍተ ነገር አይተው ለአንዱ “ገና” በየቦታው የተለያየ ዝርዝር የሚሰጡት።